ከባንክ ያልወጣው 16,000 ብር

ወሩ አለቀ፣ ደመወዝ ተከፈለ። የአንዲት አነስተኛ ማተሚያ ቤት ባለቤት የባንክ መግለጫውን ሲያይ ለሦስት ሠራተኞቹ የወጣው ገንዘብ 29,900 ብር ነው። በየወሩ እየመጣች መዝገቡን የምትሠራለት የሒሳብ ባለሙያ ያስቀመጠችለት ወረቀት ግን የጥቅምት የሠራተኛ ወጪ 45,900 ብር ነው ይላል። በመካከላቸው 16,000 ብር አለ። ሰውየው «የት ገባ?» ቢል አይፈረድበትም። ገንዘቡ የትም አልሄደም፣ እዚያው ባንክ ሒሳቡ ውስጥ ተቀምጧል። የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ የባንክ መግለጫው ያንተ ነው ይላል፣ መዝገቡ ደግሞ ያንተ አይደለም ይላል። ትክክለኛው መዝገቡ ነው።

ማተሚያ ቤቷን ለማስረጃ የፈጠርኳት ናት። ስሌቱ ግን ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያና ለግል ድርጅት ሠራተኞች በወጣው የጡረታ አዋጅ መሠረት የተሠራ ነው።

ሠራተኞቹ ሥራ አስኪያጁ፣ የማሽን ኦፕሬተሩና እንግዳ ተቀባይዋ ናቸው። መሠረታዊ ደመወዛቸው በቅደም ተከተል 20,000፣ 12,000 እና 8,000 ብር ነው፤ ሲደመር 40,000። በጥቅምት ሥራ ስለበዛ ኦፕሬተሩ አምሽቶ ሠርቶ የ1,500 ብር የትርፍ ሰዓት ክፍያ አግኝቷል። ስለዚህ የወሩ ጠቅላላ ደመወዝ 41,500 ብር ይሆናል። ፔሮል ሲሠራ ሁልጊዜም መነሻው ይህ ጠቅላላ ነው እንጂ በሠራተኛው እጅ የሚገባው ገንዘብ አይደለም። ብዙ ትናንሽ ድርጅቶች መዝገባቸው የሚበላሸው ገና እዚህ ላይ ነው፤ ከባንክ የወጣውን ብቻ ደመወዝ ብለው ይጽፋሉ።

ከጠቅላላው ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው የሥራ ግብር ነው። የኦፕሬተሩን እንይ። የወሩ ገቢው ከነትርፍ ሰዓቱ 13,500 ብር ነው። የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ቀጥሎ ያለው 2,000 ብር 15 በመቶ ይከፈልበታል፣ 300 ብር። ከዚያ እስከ 7,000 ያለው 3,000 ብር በ20 በመቶ 600 ብር ይሆናል፤ እስከ 10,000 ያለው ሌላ 3,000 ብር ደግሞ በ25 በመቶ 750 ብር። የቀረው 3,500 ብር በ30 በመቶ ይሰላና 1,050 ብር ያመጣል። ሲደመር 2,700 ብር ነው። የሒሳብ ሠራተኞች ይህን ሁሉ ደረጃ አይወጡም፤ 13,500ን በ30 በመቶ አባዝተው 1,350 ይቀንሳሉ፣ ያው 2,700 ይመጣል። ያ ተቀናሽ ቁጥር በታችኞቹ ደረጃዎች ላይ በትርፍ የተሰላውን የሚመልስ አቋራጭ ነው። ከ14,000 ብር በላይ ላለ ገቢ መጣኔው 35 በመቶ፣ ተቀናሹም 2,050 ነው። የሥራ አስኪያጁ ግብር በዚህ መንገድ 4,950 ብር፣ በ25 በመቶው ደረጃ ያለችው የእንግዳ ተቀባይዋ ደግሞ 1,150 ብር ይሆናል። የሦስቱ ድምር 8,800 ብር ነው።

ደረጃ በደረጃ መሄዱን እያሳየሁ የቆየሁት ያለምክንያት አይደለም። «ትርፍ ሰዓት ብሠራ ግብሩ ከፍ ይልና ጭራሽ ይቀንስብኛል» የሚል ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። አይቀንስበትም። ከፍ ያለው መጣኔ የሚነካው ከመስመሩ በላይ ያለውን ብር ብቻ ነው። የኛ ኦፕሬተር ባያመሽ ኖሮ በእጁ የሚገባው 8,910 ብር ነበር፤ አምሽቶ 9,960 አገኘ። ከ1,500 ብሩ 450 በግብር ሄደ፣ 1,050 ደረሰው። ከሱ ላይ ጡረታ አልተቆረጠም።

ያልተቆረጠው የጡረታ መዋጮ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ስለሆነ ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣል፤ የኦፕሬተሩ መዋጮ የ12,000 ሰባት በመቶ፣ ማለትም 840 ብር እንጂ የ13,500 አይደለም። ስለዚህ አንድ ፔሮል ላይ ሁለት መነሻ ቁጥሮች አሉ፤ ግብሩ ሰፋ ያለውን ገቢ ያያል፣ ጡረታው ጠበብ ያለውን። ሌላም በተደጋጋሚ የሚሳት ነገር አለ። መዋጮው መጀመሪያ ተቀንሶ በተረፈው ላይ ግብር አይሰላም። በአንዳንድ አገሮች እንደዚያ ይደረጋል፣ በእኛ ሕግ ግን ግብሩም መዋጮውም ለየብቻ ከሙሉው ላይ ይሰላሉ። የሦስቱ ሠራተኞች መዋጮ 2,800 ብር ነው። ከ41,500 ላይ 8,800 ግብርና 2,800 ጡረታ ሲወጣ 29,900 ብር ይቀራል። ባለቤቱ በባንክ መግለጫው ያየው ቁጥር ይኸው ነው።

እስካሁን የተቆረጠው ሁሉ የሠራተኛው ገንዘብ ነው። ድርጅቱ እንደ አገናኝ ሆኖ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያስተላልፋል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ግን ከድርጅቱ ኪስ ነው። አሠሪው በዚያው መሠረታዊ ደመወዝ ላይ 11 በመቶ ጨምሮ ያዋጣል፤ በ40,000 ብር ላይ 4,400 ብር። ይህ ገንዘብ በማንም ሠራተኛ ጠቅላላ ደመወዝ ውስጥ የለም፤ ከደመወዝ ላይ አይቀነስም፤ የሠራተኛው ግብር የሚከፈልበት ገቢም አይደለም። ከ41,500 ብሩ በላይ የተጨመረ የድርጅቱ ወጪ ነው። 45,900 የተባለውም ከዚህ ነው የመጣው።

የወሩ የጆርናል ምዝገባ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሠራተኛው ያገኘውንና ከሱ የተቆረጠውን ያሳያል፦

ዴቢት፦ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ወጪ 41,500
ክሬዲት፦ ተከፋይ የሥራ ግብር 8,800
ክሬዲት፦ ተከፋይ የጡረታ መዋጮ 2,800
ክሬዲት፦ ተከፋይ የተጣራ ደመወዝ 29,900

ሁለተኛው የአሠሪውን ድርሻ ብቻ ይዟል፦

ዴቢት፦ የጡረታ መዋጮ ወጪ 4,400
ክሬዲት፦ ተከፋይ የጡረታ መዋጮ 4,400

ሁለቱን አጣምሮ በአንድ ምዝገባ መጻፍም ይቻላል፣ የሚከለክል የለም። እኔ ግን ለይቶ መጻፉን እመርጣለሁ። ሲለይ፣ በመጀመሪያው ውስጥ ያለው ሁሉ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ይገኛል፣ በሁለተኛው ውስጥ ያለው ደግሞ እዚያ አይገኝም። ስህተት ሲፈለግ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

ሁለቱም መዋጮዎች የገቡት ወደ አንድ ተከፋይ ሒሳብ እንደሆነ ልብ ይሏል። 2,800 እና 4,400 ተደምሮ 7,200 ይሆናል፤ የመሠረታዊ ደመወዙ 18 በመቶ ማለት ነው። ለጡረታ የሚላከው በአንድ ላይ ስለሆነ በዕዳነት የሚቀመጠውም በአንድ ላይ ነው። ወጪው ግን በአንድ ላይ አይደለም፣ ሰባቱ ከደመወዙ ውስጥ ወጥቷል፣ አሥራ አንዱ ከላይ ተጨምሯል።

ደመወዙ ወደ ሠራተኞቹ የባንክ ሒሳብ በገባ ቀን ተከፋይ የተጣራ ደመወዝ ዴቢት ይደረግና ባንክ ክሬዲት ይሆናል፣ ሒሳቡም ዜሮ ይገባል። ቀሪዎቹ ሁለት ዕዳዎች እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ይቆያሉ፤ የጥቅምቱ በኅዳር ውስጥ ተገልጾ መከፈል አለበት። ሁለት ማሳወቂያ ይሞላል፣ አንዱ ለሥራ ግብር፣ አንዱ ለጡረታ፤ በሁለቱም ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙና በቲን ቁጥሩ ይዘረዘራል። (ለጳጉሜን የብቻዋ ፔሮል አይሠራላትም፣ ከነሐሴ ጋር ትጠቃለላለች።) ሲከፈል የሚጻፈው ተከፋይ የሥራ ግብር 8,800 ዴቢት፣ ተከፋይ ጡረታ 7,200 ዴቢት፣ ባንክ 16,000 ክሬዲት ነው። አዲስ ወጪ አይመዘገብም፤ ወጪው በጥቅምት ተመዝግቦ አልቋል።

እዚህ ላይ ነው ጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ የሚሰናከለው። የባንክ ደረሰኙን ይዞ ይመጣና «የግብር ወጪ 8,800፣ የጡረታ ወጪ 7,200» ብሎ ይጽፋል። ባንኩ ይስማማል፣ ሚዛኑም ይስማማል፣ ምንም የሚጮህ ነገር የለም። ነገር ግን ወጪው ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፣ ተከፋይ ሒሳቦቹም ያለመቀነስ ይከማቻሉ። የሚታወቀው ሌጀሩ ሲከፈት ነው። በየወሩ በወቅቱ የሚከፍል ድርጅት በተከፋይ ግብርና በተከፋይ ጡረታ ላይ በወር መጨረሻ ሊኖረው የሚገባው የዚያው ወር ዕዳ ብቻ ነው። የኛ ማተሚያ ቤት በየካቲት መጨረሻ ተከፋይ ግብሩ 44,000 ብር ከሆነ የአምስት ወር ግብር ተቆልሏል ማለት ነው። ከዚያ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፣ አልተከፈለም ወይስ ተከፍሎ በተሳሳተ ሒሳብ ተጻፈ? ደረሰኞቹ ካሉ የምዝገባ ስህተት ነው፤ ይስተካከላል። ከሌሉ ግን ገንዘቡ በልቶታል።

መብላት ስል ሌብነት ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አይደለምም። የወረቀትና የቀለም አቅራቢው «ጋሼ፣ ዛሬ ካልከፈሉን ዕቃ አንለቅም» ይላል፣ ባንክ ውስጥ 16,000 ብር አለ፣ የግብሩ ቀን ገና ነው። «እስከዚያ ደንበኞች ይከፍሉናል» ተብሎ ይነሳል። ደንበኞቹ ይዘገያሉ፣ ሁለተኛ ወር ይደረባል፣ መቀጫና ወለድ ይጨመራል። ከዚያ 16,000 ብር ውስጥ 11,600ው ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ተቆርጦ የተያዘ አደራ ነው፣ የድርጅቱ የራሱ ግዴታ 4,400 ብቻ ነበር። ሕጉም ግብር ቆርጦ የማስተላለፉን ኃላፊነት የጣለው በአሠሪው ላይ ነው፣ ቆርጦ ካላስገባ ተጠያቂው እሱ ነው። የደመወዝ ቀን ሁለቱን ተከፋዮች ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ አዛውሮ ማስቀመጥ የሒሳብ አያያዝ ሕግ አያስገድድም። ቢሆንም በአነስተኛ ድርጅት ውስጥ ይህን የሚያህል ጠቃሚ ልማድ አላውቅም።

ፔሮልን ለመፈተሽ ደግሞ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ዘዴ አለ። ለጡረታ የተከፈለውን በ0.18 ያካፍሉ። 7,200 ሲካፈል 40,000 ይመጣል። ይህን ከወሩ ጠቅላላ ደመወዝ፣ ከ41,500 ጋር ያስተያዩ። የ1,500 ብር ልዩነት አለ፤ የኦፕሬተሩ ትርፍ ሰዓት ነው፣ ወረቀት አለው፣ ይበቃል። ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ማስረጃ ከጠፋለት ግን ከሁለት አንዱ ሆኗል፤ ወይ አንድ ሠራተኛ ከጡረታ ዝርዝሩ ወድቋል፣ ወይ ደመወዙ ሆን ተብሎ «መሠረታዊ» እና «አበል» ተብሎ ተሸንሽኗል። የኋለኛው ዛሬ ለሁለቱም ወገን ጥሩ ይመስላል። አሠሪው ከ11 በመቶው ያተርፋል፣ ሠራተኛው ከ7 በመቶው። ነገር ግን ጡረታ የሚታሰበው መዋጮ በተከፈለበት ደመወዝ ነው። 20,000 እያገኘ መዋጮው በ8,000 ላይ የተከፈለለት ሰው በስተርጅናው የ8,000 ብር ሰው ነው።

ሠራተኛው ራሱ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው። የጡረታ ተቀናሹ ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ በልጦ ከተገኘ የአሠሪው ድርሻም ከሱ እየተቆረጠ ሊሆን ይችላል። የኛ ኦፕሬተር 840 ብር ሳይሆን 2,160 ብር ቢቆረጥበት 18ቱንም በመቶ የከፈለው እሱ ነው፤ ይህ ስሌት አይደለም፣ የደመወዝ ቅነሳ ነው። ሌላው ያረጀ የኤክሴል ቀመር ነው። እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. በነበረው መጣኔ ከግብር ነፃ የነበረው የመጀመሪያው 600 ብር ብቻ ነበር፤ 35 በመቶው ደግሞ ከ10,900 ብር በላይ ካለው ጀምሮ ይያዝ ነበር፣ ተቀናሹም 1,500 ነበር። ያንን ፋይል በየወሩ እየገለበጠ የሚሠራ ሰው ከኦፕሬተሩ 2,700 ሳይሆን 3,225 ብር ይቆርጣል። ቀመሩ ውስጥ 1,500 የሚል ቁጥር ካገኙ ፋይሉ አርጅቷል።

የዚህ ሁሉ ስሌት ጣጣ ጎልቶ የሚወጣው «በእጅ ስንት ነው?» ተብሎ በሚፈጸም ቅጥር ላይ ነው። አሠሪውና ሠራተኛው በተጣራ 10,000 ብር ይስማማሉ፤ ግብርና ጡረታውን አሠሪው «ይችላል»። መዝገቡ ግን የተጣራ ደመወዝ የሚባል መነሻ አያውቅም፣ ወደ ኋላ ተሰልቶ ጠቅላላው መገኘት አለበት። ደመወዙ በሙሉ መሠረታዊ ከሆነና ጠቅላላው በ30 በመቶው ደረጃ ላይ ካረፈ፣ ከእያንዳንዱ ብር 30 ሳንቲም ለግብር፣ 7 ሳንቲም ለጡረታ ይሄዳል፣ 63 ሳንቲም ይቀራል። በላዩ 1,350 ብር ተቀናሹ ይመለሳል። ስለዚህ ከ10,000 ላይ 1,350 ይቀነስና 8,650 ለ0.63 ይካፈላል፤ 13,730 ብር ከ16 ሳንቲም ይሆናል። ከ14,000 በታች ስለሆነ የገመትነው ደረጃ ትክክል ነው። ከዚህ ላይ ግብሩ 2,769 ብር ከ05፣ ጡረታው 961 ብር ከ11 ሲወጣ በትክክል 10,000 ይቀራል። አሠሪው የራሱን 11 በመቶ፣ 1,510 ብር ከ32 ሳንቲም ሲጨምር የ«10,000 ብሩ» ሠራተኛ በወር 15,240 ብር ከ48 ሳንቲም ያስወጣዋል። በጆርናሉ ላይ ደመወዝ 10,000 ብሎ ጽፎ ግብሩን «የግብር ወጪ» ብሎ መመዝገብ የተለመደ ቢሆንም ስህተት ነው፤ ወጪው የ13,730 ብር ከ16 ሳንቲም ደመወዝ ነው፣ ግብሩም የሠራተኛው ግብር ነው።

እንዲህ ያለው ውል ያለበት ሰው በሐምሌ 2017 የተደረገውን የግብር ቅነሳ ከሌላው ሠራተኛ በተለየ መንገድ ነው ያየው። በፊት በነበረው መጣኔ እሱ 10,000 ብር በእጁ እንዲገባ ጠቅላላው 14,655 ብር ከ17 ሳንቲም መሆን ነበረበት። መጣኔው ሲቀንስ ያው 10,000 በ13,730 ብር ከ16 ሳንቲም ተገኘ። በጠቅላላ ደመወዝ የተቀጠረ ሰው በዚያ ወር በእጁ የሚገባው ጨመረ፤ በተጣራ የተቀጠረው ግን አንድ ሳንቲም አልጨመረለትም። ውሉ ካልተነካ በስተቀር የአሠሪው የወር ወጪ ግን ከነመዋጮው ከ16,267 ወደ 15,240 ብር ወረደ። ከዚያም በላይ ጡረታ የሚሰላበት ደመወዝ በ925 ብር ስላነሰ፣ በስሙ በየወሩ የሚገባው 18 በመቶ መዋጮ ከ2,637 ብር ከ93 ሳንቲም ወደ 2,471 ብር ከ43 ሳንቲም ዝቅ አለ። በውሉ ላይ የተጻፈው የተጣራ ደመወዝ ብቻ ከሆነ፣ ሠራተኛው አሠሪውን መጠየቅ ያለበት ጠቅላላው ደመወዙ ስንት ተብሎ እየተገለጸ እንደሆነና ቁጥሩ ከሐምሌ 2017 በኋላ ተለውጦ እንደሆነ ነው።